ከ1,190 እስከ 1,450

ማክሰኞ፣ መጋቢት 11 ቀን፣ ከቀትር በኋላ። ወንድሜ ትናንት ሥራ ላይ እንዳለ ዐረፈ፤ ጠረጴዛው ላይ ያገኘሁት ቅጽ ግማሹ የተሞላ ነው። ቦታ፦ የአውቶቡስ መናኸሪያው መጠለያ። ጠቅላላ ስፋት፦ 640 ካሬ ሜትር። ተቀናሽ፣ ማለትም ምሰሶ፣ የቲኬት መስኮትና አግዳሚ ወንበር፦ 85። የተጣራ ስፋት፦ 555። ሰው በካሬ ሜትር፦ ከ1.5 እስከ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። እስክሪብቶው ክዳኑ ተከፍቶ ወረቀቱ ላይ ተጋድሟል። እስክሪብቶውን ከደንኩት። ቅጹን ግን እንዳለ የመዝገብ ቁጥር ሰጥቼ "ያልተጠናቀቀ" ብዬ አስገባሁት። በሌላ ሰው እጅ የተሞላ ቁጥር በስሙ ፋይል ውስጥ እንዲቀመጥ እሱ አይፈቅድም ነበር፤ እኔም አልፈቀድኩም።

ሥራዬ በማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት ያለውን መዝገብ ቤት መጠበቅ ነው። ወንድሜ ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው በስተግራ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቷል። ሥራው ሰው መገመት ነበር። ሕዝብ አደባባይ ሲወጣ ስንት እንደሆነ ግምቱን ይጽፋል፤ በግምቱ መሠረት ስንት በር እንደሚከፈት፣ ስንት አምቡላንስ እንደሚቆም፣ ስንት ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ እንደሚመጣ ይወሰናል። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻውን ጽፎ አያውቅም። ሁልጊዜ ከዚህ እስከዚህ ነው። ስለዚህ በሕንፃው ውስጥ ስሙን የሚጠራው የለም፤ ከጥበቃው ጀምሮ ሁሉም "ጋሼ ከእስከ" ይሉታል። እሱም አቤት ይል ነበር።

ቤትም ያው ነበር። ሁለታችንም ሳናገባ ቀርተን አንድ ቤት እንኖር ነበርና እኔ ዕረፍት አልነበረኝም።

"ወንድም ጋሼ፣ ማታ ስንት ሰዓት ትመጣለህ?"

"ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ተኩል።"

"እራት መቼ ላቅርብ ታዲያ?"

"መሀሉን ያዢ። አሥራ ሁለት ከአርባ አምስት።"

በአሥራ ሁለት ከአርባ አምስት መጥቶ አያውቅም፤ ከአንድ ቀን በቀር ከአንድ ተኩል አልፎም አያውቅም። አንድ ጊዜ እኔን ሊያገባ ሽማግሌ የላከ ሰው ነበር፤ ጨዋ፣ ጥሩ ሥራ ያለው። ወንድሜ ደኅና አድርጎ አስተናገደውና፣ "ቃል ከመግባትህ በፊት የስህተት መጠንህን ንገረኝ" አለው። ሰውየው ሳቀ፤ ወንድሜ አልሳቀም። ያ ሰው ድጋሚ አልመጣም። እሱ አባረረብኝ ብዬ አልከስም። ብቻ እንደ ሆነው እጽፋለሁ።

ቢሮው ውስጥ ትልቁ ዕቃ አንድ ፍሬም ነበር። አራት ጣውላ፣ እያንዳንዱ ልክ አንድ ሜትር፣ በማዕዘኑ ተመትቶ መሬት ላይ የሚነጠፍ። አንድ ካሬ ሜትር ማለት ያ ነው። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ፍሬሙ ውስጥ ያስገባዋል።

"ብቻህን ነህ፣ አይደል? እጅህን ብታወናጭፍ ማንንም አትመታም። ሁለት ስትሆኑ ታወራላችሁ። አራት ስትሆኑ ለማለፍ ይቅርታ መጠየቅ ይመጣል። ስድስት ስትሆኑ ጎረቤትህ ምሳ ምን እንደበላ ታውቃለህ። ከዚያ በላይ እግርህ የሚሄደው አንተ በፈለግከው ሳይሆን ሕዝቡ በገፋው ነው፤ ያን ጊዜ እኔ ሳልሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልግህ።"

ነገሩ የተበላሸው የከተማው እግር ኳስ ክለብ ዋንጫ በልቶ የመጣ ዕለት ነው። ሕዝቡ ትልቁ አደባባይ ላይ ተሰበሰበ። ወንድሜ እንደ ልማዱ ከአንድ ቀን በፊት አደባባዩን በሃምሳ ሜትር መለኪያው ዞሮታል። ፕላኑ 14,600 ካሬ ሜትር ይላል። ፕላን ላይ ግን ሰው የማይቆምበትም ይቆጠራል። የውኃ ገንዳውን 900፣ መድረኩንና ከጀርባው ያለውን 700፣ የአበባ መደቡንና ዛፎቹን 1,000 ቀነሰ። ቀሪው 12,000።

በበዓሉ ቀን ከባንክ ቤቱ ሰገነት ላይ ቆሞ ሊቆጥር ወጣ። ተጫዋቾቹ መድረክ ላይ ሲወጡ ዝናብ መጣ። ሰው ሁሉ ጃንጥላ ዘረጋ። ከላይ የሚታየው ጥቁርና ሰማያዊ ክብ ብቻ ሆነ።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ "ዝናብ ነበር" ብሎ ይጽፍና ይተወው ነበር። ወንድሜ ከሰገነቱ ወረደ። በሕዝቡ መሀል እየተጋፋ፣ እያጎነበሰ፣ በየጃንጥላው ስር አንገቱን እያስገባ መቁጠር ጀመረ። ከአርባ ጃንጥላ በታች 71 ሰው አገኘ። አንዲት ሴት በቦርሳዋ መታችው፤ እንደ ሌባ ነው የቆጠረችው። አንድ ጎረምሳ ከፍቅረኛው ጋር ቆሞ ሳለ ወንድሜ ገብቶ "ሁለት" ብሎ ወጣ። እንደገና ሰገነቱ ላይ ሲደርስ ከራሱ እስከ ጫማው ውኃ ነበር።

ስሌቱን እኔ መዝገብ ቤት ስላለ እንዳለ እገለብጠዋለሁ። መሀል ላይ አሥር ሜትር በአሥር ሜትር በሆነ ቦታ 120 ጃንጥላ አለ። በአንዱ ስር በአማካይ 1.775 ሰው ቢኖር 213 ሰው ነው። ጋዜጣ የደፉ ወይም ባዶ የቀሩ ራሶች 30። ድምሩ 243፤ ለካሬ ሜትር ወደ ሁለት ተኩል ይጠጋል። ስለዚህ ለመሀሉ ከ2 እስከ 3 ያዘ። መሀሉ 5,000 ካሬ ሜትር ነው፤ ከ10,000 እስከ 15,000 ሰው። መድረኩ ሥር ያለው 2,000 ካሬ ሜትር ተጨናንቋል፤ ከ3.5 እስከ 4.5፤ ከ7,000 እስከ 9,000። ከኋላ ያለው 5,000 ካሬ ሜትር ሳሳ ያለ ነው፤ ከግማሽ እስከ አንድ፤ ከ2,500 እስከ 5,000። ጠቅላላ ከ19,500 እስከ 29,000። መሀከለኛ ግምት 24,000 ገደማ።

ይህን ጽፎ ሳይጨርስ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው በሬዲዮ ሁለት መቶ ሺ ሰው ብሎ ተናገረ።

ኃላፊው ወጣት ነው፤ ሱፉ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ አንደበቱ የተስተካከለ። ክፉ ሰው አልነበረም። ቁጥር ለእሱ እንደ ጭብጨባ ነው፤ በበዛ ቁጥር ይሞቃል። በማግስቱ የወንድሜ ወረቀት ሲደርሰው ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ። እኔ ፋይል ላደርስ እዚያው ነበርኩ። የማዘጋጃ ቤቱ ሾፌርም ቁልፍ ሊፈርም መጥቶ በር ላይ ቆሟል።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው? ሃያ ሺ? ክለቡን ሊሰድቡ ነው?"

"ከአሥራ ዘጠኝ ሺ አምስት መቶ እስከ ሃያ ዘጠኝ ሺ" አለ ወንድሜ፣ ጫማውን መስኮቱ ላይ እያደረቀ። "ክለቡን እወደዋለሁ። ክለቡ ግን አደባባዩን አላሰፋውም።"

"ሕዝቡ እኮ ተጠጋግቶ ነበር የቆመው!"

"ሁለት መቶ ሺ ለአሥራ ሁለት ሺ አካፍል። ለአንድ ካሬ ሜትር አሥራ ስድስት ሰው፣ ትርፉ ሁለት ሦስተኛ።"

"ሁለት ሦስተኛው ሰውዬ ማን ነው?" አለ ሾፌሩ።

ወንድሜ ፍሬሙን ከግድግዳው አንሥቶ ኮሪደሩ ላይ አነጠፈ። "ግቡ" አለ። "አሥራ ስድስታችሁን ልይ።"

ኃላፊው እልኸኛ ነው፤ ገባ። ሾፌሩ ገባ፤ ሾፌሩ ብቻውን የሁለት ሰው ያህል ነው። እኔን ጎትተው አስገቡኝ። ከጎረቤት ክፍሎች ሦስት ጸሐፊዎች ተጠርተው እየሳቁ ገቡ። ስድስት። ሰባተኛ የጽዳት ሠራተኛዋ ከነመጥረጊያዋ ገባች። እዚያ ላይ አንድ ነገር ጠቅ አለ፤ የኃላፊው ኮት ቁልፍ ተፈናጥሮ ደረጃው ላይ ሲንከባለል ሰማነው።

"ሰባት" አለ ወንድሜ። "ትከሻችሁም ከፍሬሙ ውጭ ነው። ዘጠኝ ይቀራችኋል።"

"እኔ ላይ ይቁሙ" አለ ሾፌሩ፤ ድምፁ ከኃላፊው ብብት ሥር ነበር የሚመጣው።

ኮሪደሩ በሳቅ ተናወጠ። ኃላፊው አልሳቀም። ወጣና ኮቱን እያስተካከለ፣ "ጋሼ፣ ችግሩ የእርስዎ ቁጥር ማነሱ አይደለም" አለ። "ችግሩ ቁጥር አለመሆኑ ነው። ከዚህ እስከዚህ! ልብስ ነው እንዴ የምንለካው? ቁጥር የማይሰጥ የግምት ክፍል ለምን ያስፈልገናል?"

በሳምንቱ ደብዳቤው መጣ። ግልባጩ እኔ ጋ ስላለ ፍሬ ነገሩን አውቃለሁ፦ የግምት ክፍሉ ወደ ሕዝብ ግንኙነት ይጠቃለል፤ ባለሙያው ወደ ድንኳንና ወንበር መጋዘን ይዛወር። ወንድሜ ደብዳቤውን አንብቦ አጣጠፈው። ያን ማታ በአንድ ሰዓት ከአርባ ገባ፤ ከአንድ ተኩል አሳልፎ። ምን ያህል እንደተጎዳ ያወቅኩት በዚያ ነው።

"መጋዘን ውስጥ ምን ትሠራለህ ወንድም ጋሼ?"

"ወንበር እቆጥራለሁ። ወንበር አይንቀሳቀስም፤ ጃንጥላም አይዘረጋም። ልክ ነው ቁጥሩ፤ 'ከእስከ' የለውም።" ቆየት ብሎ፣ "አልወደውም" አለ።

በማግስቱ ኃላፊው ጋ ራሱ ሄደ። ምን ተነጋግረው እንደሆነ ሾፌሩ በር ላይ ሆኖ ስለሰማ ለሁላችንም አወራልን። ወንድሜ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ሰዉ ስንት እንደሆነ በወረቀት የሚታወቅበት ቦታ ፈልጉ፤ ዓርብ እኔ ልገምት፤ እውነቱ 'ከእስከ' ብዬ በጻፍኩት ክልል ውስጥ ከወደቀ ክፍሉም ቅጹም ይቆይ፣ ሬዲዮም ላይ ክልሉ ይነበብ። ከወጣ መጋዘኑን እረከባለሁ።

"ከዜሮ እስከ ሚሊዮን ብለው ቢያመልጡኝስ?" አለ ኃላፊው።

"ከመሀከለኛ ግምቴ ወደ ታችም ወደ ላይም ከአሥር በመቶ ብዙም አላልፍም።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን እውነቱ ውስጡ ይገኛል። አንዱን ጊዜ እሳሳታለሁ።"

"ያ አንዱ ጊዜ ዓርብ ቢሆንስ?"

"ሊሆን ይችላል" አለ ወንድሜ።

ሾፌሩ ይህን ሲነግረን ራሱን ይዞ ነበር። "ሰው ለሞቱ ሲከራከር 'ሊሆን ይችላል' ይላል? አንቺ፣ ወንድምሽን ምን አበላሽው?"

የተመረጠው ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ ያለው ትምህርት ቤት ነው፤ ዓርብ ጠዋት በሰልፍ ሰዓት። እውነተኛውን ቁጥር የማመጣው እኔ እንድሆን ተስማሙ፤ መዝገብ ቤት አይዋሽም በማለት። ኃላፊው ራሱ፣ "እህቱ ብትሆንም የእሷን ወረቀት አምናለሁ" አለ። ኮራሁ። ከፋይሌ የትምህርት ቤቱን የዓመቱን የተማሪዎች ዝርዝር አውጥቼ፣ ደምሬ፣ ደግሜ ደምሬ በፖስታ አሸግሁት።

ዓርብ ወንድሜ ከሁሉ ቀድሞ ግቢው ውስጥ ነበር። ግቢው 34 ሜትር በ25 ሜትር ነው፤ 850 ካሬ ሜትር። የሰንደቅ ዓላማውን መደብና የዛፉን ዙሪያ 50 ቀነሰ፤ 800። ከዚያ አምስት ቦታ መርጦ፣ እያንዳንዱን ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር አድርጎ በማዕዘኑ ላይ ትንንሽ የኖራ ነጥብ አደረገ።

"መስመር አስምርበት እንጂ፤ ነጥቡ ከላይ ይታይሃል?" አለው ሾፌሩ።

"መስመር ያየ ልጅ ይዘላል ወይም ይሸሻል። ነጥብ አያስተውልም።"

ተማሪዎቹ ተሰለፉ። ወንድሜ ከክፍሎቹ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ፎቶ አነሣ፤ በየነጥቦቹ መሀል ያለውን ራስ ቆጠረ፦ 6፣ 7፣ 7፣ 8፣ 5። ድምሩ 33። አምስቱ ቦታዎች አብረው 20 ካሬ ሜትር ናቸው። 33 ለ20፣ 1.65። 1.65 በ800፣ 1,320። ከዚያ ወረደና ርዕሰ መምህርቷ ቢሮ ውስጥ ሁላችንም ፊት ወረቀቱን አስቀመጠ፦ ከ1,190 እስከ 1,450።

"ስፋቱን በእጄ ስለለካሁ በእሱ ብዙ አልሳሳትም" አለ። "የምሳሳተው በጥግግቱ ነው። አምስት ቦታ ብቻ ነው ያየሁት፤ አንዱ አምስት አንዱ ስምንት ነው። ያ ልዩነት ነው ክልሉን ያሰፋው።"

ኃላፊው ፖስታዬን ቀደደ። አየው። ከዚያ በጣም በቀስታ አነበበው፤ "አንድ ሺ አራት መቶ ሰማንያ ሦስት።"

ከ1,450 በላይ ሠላሳ ሦስት። ሾፌሩ "ወይኔ" አለ። ኃላፊው ደስ ይለዋል ብዬ ነበር፤ ግን እሱም ደንግጧል፤ ማሸነፍን እንጂ ሽማግሌ ሲሸነፍ ማየትን አላሰበም። ወንድሜ ከቢሮው ይዞት የመጣውን ፍሬም ከግድግዳው አንሥቶ ብብቱ ሥር አደረገ።

"የመጋዘኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው?" አለ።

ርዕሰ መምህርቷ መነጽሯን አውርዳ ወረቀቴን አየች። ኮስታራ ሴት ናት፤ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ነው ሰው የሚያደምጣት።

"ይቅርታ፣ ይሄ መቼ የተጻፈ ነው?"

"የዓመቱ መጀመሪያ ላይ" አልኩ።

"የተመዘገበ ነው እኮ! ዛሬ የመጣው ይሄ ነው ያለሽ ማን ነው?"

ፊቴ እሳት ሆነ። መዝገብ ጠባቂ ነኝ፤ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ቀን እንዳለው ለሌሎች የማስተምር ነኝ። የተመዘገበ ሰውና የቆመ ሰው አንድ እንዳልሆኑ ማወቅ ያለብኝ እኔ ነበርኩ። ወንድሜን መጋዘን ልልከው የነበረው የእኔ ፖስታ ነው።

ርዕሰ መምህርቷ የክፍል ኃላፊዎችን የዚያን ጠዋት መቆጣጠሪያ ሰበሰበች። የቀሩት 136። 1,483 ሲቀነስ 136፣ 1,347።

"ገባ! ገባ!" ብሎ ሾፌሩ ጠረጴዛውን መታ። እኔ ወንድሜ አንገት ላይ ልጠመጠም ተነሣሁ።

"ቆዩ" አለ ወንድሜ። "እኔ ተማሪ አልገመትኩም። የገመትኩት ሰው ነው። አስተማሪዎቹ የት ቆመው ነበር?"

"ከየሰልፉ ፊት" አለች ርዕሰ መምህርቷ። "ከእኔ ጋር አርባ ሰባት ነን።"

"ደምሩ። 1,394።"

"አንተ!" አለ ሾፌሩ። "ምን አገባህ አስተማሪ?"

"ደረጃው አጠገብ ትንንሽ ልጆች አይቻለሁ።"

"መዋዕለ ሕፃናቱ ናቸው፤ ሰልፍ ሊያዩ መጥተው። አርባ አንድ።"

"1,435።"

"ወንድም ጋሼ፣ በቃህ" አልኩ።

"ጽዳቶቹና ጥበቃው?"

"አምስት።"

"1,440። እናንተ ሦስታችሁም ግቢው ውስጥ ነበራችሁ። 1,443።"

"እኔ ልውጣ" አለ ሾፌሩ። "ወፍራም ስለሆንኩ አስቀድሜ ልውጣ።"

ኃላፊው በዚህ መሀል ወንበሩን ስቦ ጠጋ ብሏል፤ የራሱ ጉዳይ መሆኑን ረስቶ እንደ ጨዋታ ተመልካች አፉን ከፍቶ ይከታተላል። ርዕሰ መምህርቷ ደግሞ እውነተኛ ሰው ናት፤ አስባ አስባ፣ "አራት እናቶች ልጆቻቸውን አድርሰው በር ውስጥ ቆመው ነበር" አለች።

"1,447" አለ ወንድሜ። ላብ ግንባሩ ላይ አለ፤ ድምፁ ግን አልተለወጠም።

"አንዷ ልጅ አዝላለች" አለ ኃላፊው፤ ብሎም አፉን ያዘ።

ሁላችንም ወንድሜን አየነው። ሾፌሩ ልመና ጀመረ፤ "ጀርባ ላይ ያለ ሕፃን መሬት አይነካም። ካሬ ሜትር አይዝም። ስለ ፈጠረህ!"

"መሬት አይዝም" አለ ወንድሜ። "ግን ሰው ነው። 1,448።"

ኃላፊው ቀስ ብሎ፣ "ጋሼ፣ እርስዎስ?" አለ።

"እኔ ጣሪያ ላይ ነበርኩ። ጣሪያው ከ800ው ውጭ ነው።"

"ያን ጣሪያ እግዜር ይባርከው" አለ ሾፌሩ።

ርዕሰ መምህርቷ የበሩን ደብተር ገልጣ ቆየች። "ዘግይተው የገቡ ሃያ ሁለት አሉ" አለች። "ክፍል ውስጥ አሉ ተብለው ተቆጥረዋል፤ ሰልፉ ላይ ግን አልነበሩም።"

"ፎቶው ከመነሣቱ በፊት ነው በኋላ የገቡት?"

"ሰዓቱ ተጽፏል። ሁሉም በኋላ።"

"ይቀነሱ። 1,426።"

ከዚያ ሾፌሩ ወንድሜን ከነፍሬሙ ከመሬት አነሣው። ኃላፊው እጁን ዘርግቶ፣ "አሸነፉ ጋሼ" አለ፤ ጨበጠውም። ደብዳቤው ከሰዓት በኋላ ተሰረዘ፤ የመሰረዣው ግልባጭ በቀኑ እኔ ጋ ገብቷል።

ወንድሜ ግን በዚያን ቀን ፊቱ አልተፈታም። ማታ እራት ላይ እንኳ ሳህኑን እያየ ተቀመጠ።

"ምን ሆነሃል? ውስጥ ወደቀ አይደል?"

"እታለም፣ ግምቴ 1,320 ነበር። እውነቱ 1,426። መቶ ስድስት ሰው የት ደብቄ ነበር?"

"በክልሉ ውስጥ ነዋ!"

"ክልል መደበቂያ አይደለም።" ከዚያ ብድግ ብሎ ፎቶውን አመጣ። ምግቡን ገፋ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ደረጃው አጠገብ ያሉት ሕፃናት እንደ ታሸገ ካርቶን ተጠጋግተዋል፤ ትንሽ ልጅ ጎረቤቱን ካልነካ አይቆምም። ከአምስቱ ነጥቦች አንዱም እዚያ አልነበረም። "እዚህ ናሙና አልወሰድኩም" አለ፣ ጣቱን አሳርፎ። ሰኞ ጠዋት የራሱን ስህተት በራሱ እጅ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ካሸነፈበት ወረቀት ጋር አያይዢው ብሎ ሰጠኝ። "ደረጃው አጠገብ ናሙና አልተወሰደም፤ ግምቱ ወደ ታች ያዘነበለው በዚህ ነው።" አያያዝኩት።

ከዚያ በኋላ ኃላፊው በሬዲዮ ክልሉን ማንበብ ጀመረ። መጀመሪያ ላይ እንደ ሰው የበሽታ ውጤት እያንሾካሾከ ያነበው ነበር። በኋላ ለመደው። በክረምቱ መግቢያ አንድ ቀን ወደ ወንድሜ ክፍል ወጥቶ፣ "ጋሼ፣ ሰርጌ ላይ ስንት ሰው የሚመጣ ይመስልዎታል?" ብሎ ጠየቀው። ወንድሜ "አዳራሹን ልየው" አለ። ሄዶም በሃምሳ ሜትር መለኪያው ለካው። ከ280 እስከ 350 አለ፤ 341 መጡ።

ርዕሰ መምህርቷ በበኩሏ ያ ጠዋት አልረሳትም። ሃያ ሁለቱ ዘግይተው የገቡት ሁሉ በአንዲት በር እንደተጋፉ አይታ ነበርና ደብዳቤ ጻፈች፤ ግቢው ስንት ሰው በደህና ይችላል? የድንገተኛ ጊዜ መውጫው ይበቃል ወይ? ወንድሜ ሦስት ሳምንት ለፋበት። ጠዋት ጠዋት ሄዶ ልጆቹ በበሩ ሲወጡ በሰዓት ቆጣሪ ይለካ ነበር። በደቂቃ ከ55 እስከ 70 ልጅ ያልፋል አለ፤ ሲደነግጡ ደግሞ ከዚህ ያንሳል እንጂ አይበዛም። ግቢው በካሬ ሜትር ከሁለት ሰው ሳያልፍ እስከ 1,600 ይችላል፤ በሩ ግን ይህን ሁሉ ለማስወጣት ከ23 እስከ 29 ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ ሁለተኛ በር ይከፈት፤ ደረጃው አጠገብ፣ ሕፃናቱ በሚቆሙበት በኩል።

እሑድ ዕለት ወረቀቱን ቤት ውስጥ በንጹሕ ገለበጠው። ሰኞ መጋቢት 10 ቀን ጠዋት በሦስት ሰዓት ከሩብ በእግሩ ትምህርት ቤቱ ሄደ። ርዕሰ መምህርቷ ስብሰባ ላይ ነበረች። ለጥበቃው ሰጠው፤ ጥበቃው ወንድሜ ይዞት በሄደው የመረከቢያ ደብተር ላይ ፈረመ፣ ሰዓቱንም ጻፈ፣ ሦስት ከሃያ አምስት። ሲመለስ ደረጃውን ከመውጣቱ በፊት ወደ እኔ ምድር ቤት ወረደና ደብተሩን ከፍቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ።

"ደርሷል" አለ። "መዝግቢው።"

መዘገብኩት።